ስምንት ስላይድ፣ አንድ የቅናሽ ስሌት

ከመርካቶ በጅምላ የተገዛ አንድ የልጅ ቀሚስ ሰፈር ውስጥ ወዳለች ሱቅ እስኪደርስ 1,000 ብር ወጣበት እንበል። ባለሱቋ 30 በመቶ ጨምራ በ1,300 ብር ትሸጠዋለች። በዓል ሲቃረብ ጎረቤቶቿ የቅናሽ ማስታወቂያ ሲለጥፉ ታይና እርሷም «25 በመቶ ቅናሽ» ብላ በሯ ላይ ትለጥፋለች። ከ30ው ላይ 25 ቢቀነስ 5 በመቶ ይተርፈኛል ብላ ነው። ነገር ግን ከ1,300 ብር ላይ 25 በመቶ ማለት 325 ብር ነው። ቀሚሱ 975 ብር ይሸጣል፤ በእያንዳንዱ ቀሚስ 25 ብር ከኪሷ ይወጣል። ገበያው በደራ ቁጥር ኪሳራው ይበዛል።

ይህን ስሌት የሚያውቅ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የንግድ አሠልጣኝ ለብዙ ነጋዴዎች ባንድ ጊዜ ሊያስተምረው ሲፈልግ ዛሬ ከሚመርጣቸው መንገዶች አንዱ ካሩሰል ነው። ካሩሰል በአንድ ፖስት ውስጥ ተደርድረው፣ በጣት እየተንሸራተቱ አንዱ ከሌላው ቀጥሎ የሚታዩ ምስሎች ስብስብ ነው። ኢንስታግራም አሠራሩን ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ የከፈተው በየካቲት 2017 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ያን ጊዜ በአንድ ፖስት ከ10 ምስል በላይ አይፈቅድም ነበር። በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያው 20 ሆነ። ቲክቶክ ፎቶዎችን በዚሁ መንገድ ደርድሮ ያሳያል፤ ቴሌግራም ላይም እስከ 10 ምስል በአንድ አልበም መላክ ይቻላል። ምስሎቹ ፎቶ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ጽሑፍ የተጻፈባቸው ገጾች ከሆኑ በኋላ ግን የሥራው ክብደት ከሥዕሉ ወደ ጽሑፉ ዞረ። በእያንዳንዱ ስላይድ ላይ ምን ይጻፍ? የቱ ይቅደም? የቱስ ይቅር?

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ሐሳቡን እንደ ተራ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጽፎ፣ ከዚያ እየቆራረጠ በስላይዶቹ ላይ በማደል ነው። ውጤቱ ወዲያው ይታወቃል። አንዱ ስላይድ በስድስት መስመር ተጨናንቆ ቀጣዩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀራል፤ አንዳንዱ ስላይድ ደግሞ «ስለዚህም» ብሎ ይጀምርና አንባቢው ስለ ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ኋላ ይመለሳል። ጽሑፍ በወረቀት ላይ ሲነበብ ዓይን ወደ ላይ ወጣ ብሎ ያለፈውን መስመር ያያል። በካሩሰል ላይ ግን ያለፈው ገጽ ከፊት የለም። አንባቢው በእጁ የያዘው አሁን የሚታየውን ብቻ ነው።

ስለዚህ የሚሻለው ከመጨረሻው ስላይድ መጀመር ነው። ባለሱቋ ይህን ፖስት አይታ ስትጨርስ ምን ማድረግ መቻል አለባት? በቀሚሱ ምሳሌ መልሱ ግልጽ ነው፤ የራሷን ዕቃ አንስታ እስከ ስንት በመቶ ብትቀንስ እንደማትከስር በስልኳ ካልኩሌተር ማውጣት መቻል አለባት። እንግዲያው የመጨረሻው ስላይድ፣ ስምንተኛው፣ ባዶ ቦታ የተተወለት ቅጽ ይሆናል፦

«አሁን በራሳችሁ ዕቃ ሞክሩ።
ሙሉ ወጪ ______
መሸጫ ዋጋ ______
ትርፍ (መሸጫ ሲቀነስ ወጪ) ______
ትርፍ ÷ መሸጫ × 100 = ______
የቅናሻችሁ ጣሪያ ይህ ነው። ኪራይና ደመወዝ ገና አልተቀነሱም።»

ይህ ስላይድ አስቀድሞ ሲጻፍ የቀሩት ስላይዶች ሥራ ይለያል። በቅጹ ላይ አራት ባዶ ቦታ አለ፤ አንባቢዋ እያንዳንዱን መሙላት እንድትችል የሚያደርጋት ነገር ከዚያ በፊት በነበሩት ስላይዶች ላይ መኖር አለበት። ለመሙላት የማይረዳት ነገር ሁሉ፣ የቱንም ያህል እውነትና ጠቃሚ ቢሆን፣ ከዚህ ፖስት ይወጣል። የቅናሽ ማስታወቂያ እንዴት ይጻፍ፣ የቆየ ዕቃ እንዴት ይለይ፣ ጎረቤት ሱቅ ሲቀንስ ምን ይደረግ የሚሉት የየራሳቸው ፖስት ይገባቸዋል። በተግባር ከባዱ ይህ መቁረጥ ነው፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ለመስጠት ይቸኩላልና።

ከዚያ ወደ መጀመሪያው ስላይድ ይመጣል። በብዛት የሚታየው ዓይነት «ለአነስተኛ ነጋዴዎች ጠቃሚ የቅናሽ ምክሮች» የሚል ነው። ስሕተት የለበትም፤ ግን ማንም ባለሱቅ ራሷን አታይበትም። ምክር መኖሩን ይናገራል እንጂ ችግሩን አያሳይም። የሚሻለው ቁጥሩን እንዳለ ማስቀመጥ ነው፦

«1,000 ብር የወጣበትን ቀሚስ 1,300 ትሸጣላችሁ።
ለበዓል 25% ብትቀንሱ ስንት ታተርፋላችሁ?»

እዚህ ላይ ነጋዴዋ ሳታስበው ማስላት ትጀምራለች። ልታወጣው የምትችለውም የተሳሳተ መልስ፣ 5 በመቶ ወይም 50 ብር፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚጎትት ነው። ጥያቄው «ታተርፋላችሁ ወይስ ትከስራላችሁ?» ተብሎ ቢጻፍ መልሱ ከወዲሁ ይጠረጠራል። «ስንት ታተርፋላችሁ?» ሲባል ግን አንባቢዋ የምር ታሰላለች። ይህ ማታለል እንዳይሆን መልሱ በሚቀጥለው ስላይድ ላይ ወዲያው መምጣት አለበት። መልሱን እስከ ሰባተኛው ስላይድ የሚደብቅ ፖስት ብዙ ያንሸራትቱልኛል ብሎ ቢጠብቅም፣ ሰው ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል።

ሁለተኛው ስላይድ ብዙ ጸሐፊዎች የማያውቁት ሸክም አለበት። የኢንስታግራም ኃላፊ አዳም ሞሴሪ እንዳስረዱት፣ አንድ ሰው ካሩሰሉን አይቶ ሳያንሸራትት ካለፈ፣ መተግበሪያው ብዙ ጊዜ ያንኑ ፖስት ሌላ ጊዜ መልሶ ያቀርብለታል፤ ያን ጊዜ ግን የሚያሳየው ከሚቀጥለው ምስል ጀምሮ ነው። እንግዲህ ለአንዳንዱ ተመልካች ፖስቱ የሚከፈተው በሁለተኛው ስላይድ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ በአብዛኛው እንዲህ ይሆናል፦

«መልሱ፦ ምንም አታተርፉም! እንዲያውም ትከስራላችሁ።»

ይህ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ሲነበብ ያምራል። ብቻውን ለሚያየው ግን የምን መልስ እንደሆነ፣ ስለ ምን እንደሚያወራ አይታወቅም። ጥያቄውን በውስጡ ይዞ እንዲቆም ተደርጎ ሲጻፍ እንዲህ ይሆናል፦

«የ1,300 ብር ቀሚስ 25% ሲቀነስለት 975 ብር ይሸጣል።
የወጣበት ግን 1,000 ብር ነው።
በእያንዳንዱ ቀሚስ 25 ብር ትከስራላችሁ።»

በቃላት ብዛት ረዘም ብሏል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ስላይድ ላየም ላላየም እኩል ይገባል። ይህ ለቴሌግራም ተጠቃሚም ይጠቅማል። እዚያ ሰዎች ከአልበሙ ውስጥ ደስ ያላቸውን አንድ ምስል ብቻ መርጠው ለጓደኛ መላክ ስለሚችሉ፣ ብቻውን የማይቆም ስላይድ በየስልኩ ትርጉም አጥቶ ይዞራል። በእያንዳንዱ ስላይድ ጥግ ላይ የገጹ ስምና «2/8» የሚል ቁጥር ቢቀመጥ፣ ምስሉ የደረሰው ሰው ቀሪውን የት እንደሚያገኝ ያውቃል።

ሦስተኛው ስላይድ ምክንያቱን ይናገራል። ጸሐፊው የሚፈተነው እዚህ ነው፤ የንግድ ትምህርት የተማረ ሰው በወጪ ላይ የሚጨመረውንና ከሽያጭ ላይ የሚቀረውን ትርፍ በሙያ ስማቸው መለየት ይፈልጋል። ስሞቹ ቢገቡ አንባቢዋ ከስሌቱ በፊት ሁለት አዲስ ቃል መያዝ ይኖርባታል። በዚህ ስላይድ ላይ ስም አያስፈልግም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ፊት ለፊት ማቆም ይበቃል፦

«30% የጨመራችሁት በ1,000 ብር ላይ ነው።
25% የምትቀንሱት ከ1,300 ብር ላይ ነው።
መቶኛው የሚሰላበት ገንዘብ ተለውጧል።»

ይህ የመላው ፖስት አስኳል ነው። ስለዚህ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ቃል፣ የሰፋ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱ መስመሮች ሆነ ተብሎ አንድ ዓይነት አካሄድ ይዘዋል፤ ዓይን ልዩነቱን የሚያገኘው ሁሉም ነገር ተመሳስሎ አንድ ነገር ብቻ ሲለይ ነውና። «1,000» እና «1,300» በሌላ ቀለም ቢደምቁ ደግሞ ይበልጥ ይታያል። አማርኛ እንደ ላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው፣ አጽንዖት የሚሰጥባቸው ዋና መንገዶች መጠን፣ ውፍረትና ቀለም ናቸው። ሦስቱንም ባንድ ስላይድ ላይ መጠቀም ግን ምንም እንዳላደመቁ ያህል ያደርጋል።

ከአራተኛው ስላይድ ጀምሮ ደረጃዎቹ ይመጣሉ።

«ደረጃ 1፦ የአንዱን ዕቃ ሙሉ ወጪ ደምሩ።
መግዣ 900
ማጓጓዣ 60
ማሸጊያ 40
ድምር 1,000 ብር»

እዚህ «ሙሉ ወጪ» የሚለው ብቻውን ቢቀመጥ ብዙ ነጋዴ የመግዣውን ዋጋ ብቻ ይወስዳል። ሦስቱ መስመሮች ሳይብራሩ ያብራሩታል፦ ዕቃው ሱቅ እስኪደርስና ደንበኛ እጅ እስኪገባ የወጣበት ሁሉ ማለት ነው። የማጓጓዣው 60 ብር ምን ያህሉ ለአንድ ቀሚስ እንደሆነ ለማወቅ የታክሲው ወይም የጭነቱ ክፍያ በመጡት ቀሚሶች ብዛት ይካፈላል። ለምሳሌ 1,200 ብር ተከፍሎ 20 ቀሚስ ቢመጣ ለአንዱ 60 ይደርሰዋል። ይህ ማብራሪያ ጠቃሚ ነው፤ ቦታው ግን ስላይዱ ላይ አይደለም። ከፖስቱ ሥር በሚጻፈው ማብራሪያ ላይ ይሰፍራል፤ ኢንስታግራም ላይ ያ ቦታ እስከ 2,200 ሆሄና ምልክት ይይዛል።

«ደረጃ 2፦ ትርፉን በብር አውጡ።
መሸጫ 1,300
ሙሉ ወጪ 1,000
ትርፍ 300 ብር»

የ1,000 ብሩ መጠን ባለፈው ስላይድ ላይ ታይቷል። ቢሆንም እንደገና ይጻፋል። ጥሩ ጸሐፊ ድግግሞሽን ይሸሻል፤ በካሩሰል ላይ ግን አንድ ስሌት የሚያስፈልገው ቁጥር ሁሉ ስሌቱ ካለበት ስላይድ ላይ መገኘት አለበት። ይህ ሕግ ሲጣስ የሚታይበት ምልክት አለ፦ ረቂቁ በስልክ ለሰው ሲሰጥ አውራ ጣቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወደ ኋላ የተመለሰበት ስላይድ የጎደለው ቁጥር አለ ማለት ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ አንዱን ስሌት ለሁለት መቁረጥ ነው፤ ማካፈሉን በአንዱ ስላይድ ጠይቆ ውጤቱን በሌላው መስጠት። ጥያቄን መቁረጥ ይቻላል፤ የመጀመሪያው ስላይድ ያደረገው እርሱን ነው። ስሌትን ግን መቁረጥ አይቻልም።

«ደረጃ 3፦ ትርፉን ለመሸጫው ዋጋ አካፍሉ።
300 ÷ 1,300 × 100 = 23%
የቅናሽ ጣሪያችሁ 23% ነው።
(ለወጪው አታካፍሉ፤ 30% ይወጣና ያሳስታችኋል።)»

ትክክለኛው ውጤት 23.08 አካባቢ ነው። ጸሐፊው ነጥቡን ከነጓዙ ያስቀምጥ ወይስ ያስተካክል? እዚህ ማስተካከል ይሻላል፤ ግን ወደ ታች ብቻ። በ23 በመቶ ቅናሽ ቀሚሱ 1,001 ብር ይሸጣል፤ ወጪውን ሸፍኖ አንድ ብር ይተርፋል። ውጤቱ 23.7 ቢሆንና ወደ 24 ከፍ ቢደረግ ግን ያ ትንሽ ክፍልፋይ ኪሳራ ታመጣለች። ስለዚህ በማብራሪያው ላይ «ከነጥብ በኋላ ያለውን ተዉት» የሚል አንድ መስመር ያስፈልጋል። የቅንፉም ማስጠንቀቂያ ያለ ምክንያት አልገባም። ሰው ሲሳሳት የሚሳሳተው በዚሁ በኩል ስለሆነ፣ ስሕተቱ ከነውጤቱ ሲጻፍለት ካልኩሌተሩ ላይ 30 ሲያይ ይነቃል።

ሰባተኛው ስላይድ ከሁሉም የሚከብደው ነው፤ ብዙ ጸሐፊም ሊዘለው ይፈልጋል። ባይከሰርም እንኳ ቅናሹ ያዋጣል ወይ የሚለውን የሚመልሰው እርሱ ነው። 10 በመቶ ቅናሽ ትንሽ ይመስላል። ቀሚሱ 1,170 ብር ይሸጣል፤ ትርፉ ግን ከ300 ወደ 170 ይወርዳል። አስቀድሞ በሳምንት 10 ቀሚስ ሸጣ 3,000 ብር ታተርፍ የነበረች ባለሱቅ ያንኑ 3,000 ለማግኘት 18 ቀሚስ መሸጥ ይኖርባታል። ረቂቁ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ደረጃ 4፦ በቅናሹ ምክንያት የቀነሰውን ትርፍ ለማካካስ የሚያስፈልገውን ተጨማሪ የሽያጭ መጠን ለማወቅ የቀድሞውን ጠቅላላ ትርፍ በአዲሱ የነጠላ ትርፍ ማካፈል ይኖርብናል።»

ዓረፍተ ነገሩ ትክክል ነው። ስልክ ላይ ግን ግሡ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው የቃል ሰልፍ ተሸክሞ ይሄዳል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ግሥ መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ በስላይድ ላይ ረጅም ዓረፍተ ነገር ከሌላ ቦታ ይበልጥ ይጎዳል፤ አንባቢው ምን እንዲያደርግ እንደተጠየቀ የሚያውቀው በአምስተኛው መስመር ላይ ነው። መድኃኒቱ ግሦቹን ማብዛትና ዓረፍተ ነገሮቹን ማሳጠር ነው፦

«ደረጃ 4፦ ስንት ተጨማሪ መሸጥ አለባችሁ?
ያለ ቅናሽ፦ 10 ቀሚስ × 300 = 3,000 ብር ትርፍ
በ10% ቅናሽ የአንዱ ትርፍ 170 ብር ነው።
3,000 ÷ 170 = 17.6
18 ቀሚስ ካልሸጣችሁ ቅናሹ ትርፋችሁን ቀንሶታል።»

እዚህ ደግሞ ማስተካከሉ ወደ ላይ ነው፤ ግማሽ ቀሚስ አይሸጥምና። በደረጃ 3 ወደ ታች፣ በደረጃ 4 ወደ ላይ መሆኑ አንባቢውን ግራ እንዳያጋባ ሁለቱም በማብራሪያው ላይ በአንድ አንድ መስመር ይነገራሉ።

በስላይዶቹ ሁሉ ላይ አንባቢው «እናንተ» መባሉ ተመርጦ ነው። አማርኛ ሲያዝዝ ወንድና ሴት ይለያል፤ «ደምር» ካለ ሴቷን ባለሱቅ ይተዋታል፣ «ደምሪ» ካለ ወንዱን። «ይደምሩ» አክብሮት አለው፤ ሆኖም ደረጃ በደረጃ ሲደጋገም ስላይዱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይመስላል። «ደምሩ»፣ «አውጡ»፣ «አካፍሉ» የሚለው ሁሉንም ይይዛል፣ ያጥራል፣ አይቆጣም። የተመረጠው ግን እስከ መጨረሻው ይጠበቅ። በአንድ ፖስት ውስጥ ሁለተኛው ስላይድ «ትከስራላችሁ» ብሎ ስድስተኛው «ያካፍሉ» ካለ፣ ስላይዶቹ ከተለያየ ቦታ የተቀዱ ይመስላሉ።

የፊደሉ ጉዳይ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በግዕዝ ፊደል አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው ብዙ ጊዜ ትንሽ ቅጥያ ናት፤ «ቀንስ» እና «ቀንሱ» የሚለያዩት በመጨረሻው ፊደል ላይ ባለች አንዲት ምልክት ነው። ቀጭን ፊደል በትንሽ መጠን ተጽፎ መተግበሪያው ምስሉን ሲያሳንሰው ያቺ ምልክት ከአካሉ ጋር ትቀላቀላለች። ወርዱ 1080፣ ቁመቱ 1350 ፒክስል በሆነ ስላይድ ላይ የዋናው ጽሑፍ መጠን ከ40 ፒክስል በታች ባይወርድ ጥሩ ነው፤ ርዕሱ ከዚያ በጣም ይበልጣል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ፣ በተለያየ ውፍረት የተዘጋጀ ፊደል መጠቀምም ሥራውን ያቀላል። ከመለጠፉ በፊት ምስሉን ኮምፒውተር ላይ አጉልቶ ማየት አያስተማምንም፤ ወደ ስልክ ልኮ፣ የስልኩን ብርሃን ዝቅ አድርጎ፣ ክንድን ዘርግቶ ማንበብ ነው ፈተናው።

ትንሽ የሚመስል ግን በየጊዜው የሚታይ ሌላ ጉድለት አለ። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ማሽኑ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ለያይቶ ስለሚያያቸው፣ መስመሩ ጠርዝ ላይ ሲደርስ አንዱን እዚያው ትቶ ሌላውን ወደ ታችኛው መስመር ሊያወርደው ይችላል። አንዱን «።» መምታት ችግሩን ያስወግደዋል። «1,300» በአንድ መስመር ጫፍ ቀርቶ «ብር» ብቻውን ወደ ታች ሲወርድም እንዲሁ በእጅ መጠገን አለበት።

ረቂቁ አልቋል ከተባለ በኋላ የሚቀረው ፈተና በሌላ ሰው እጅ ነው። ስምንቱን ስላይዶች ለአንዲት ባለሱቅ ሰጥቶ «ገባሽ ወይ?» ማለት ብዙ አይጠቅምም፤ ሰው አክብሮ «አዎ» ይላልና። «ከመደርደሪያሽ አንድ ዕቃ አንሺና የቅናሹን ጣሪያ አውጪልኝ» ብሎ ዝም ማለት ይሻላል። መጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ የትኛው ስላይድ እንደደከመ ይናገራል። «የመብራቱንም ልደምር?» ካለች ደረጃ 1 ወሰኑን አላሳየም። ለወጪው ካካፈለች ደረጃ 3 በቂ ጉልህ አልነበረም። «ታዲያ 23 በመቶ ልቀንስ?» ካለች ደግሞ «ጣሪያ» የሚለው ቃል እንደ ምክር ተወስዷል፤ ስላይዱ «እዚህ ስትደርሱ ትርፋችሁ አልቋል» የሚል መስመር ይፈልጋል።

የመብራቱ ጥያቄ በእርግጥ የስሌቱን ወሰን ይነካል። የሱቅ ኪራይ በወር 12,000 ብር ቢሆንና በወር 60 ቀሚስ ቢሸጥ፣ ከእያንዳንዱ ቀሚስ 300 ብር ትርፍ ላይ 200ው ለኪራይ ይሄዳል፤ የሚቀረው 100 ብር ብቻ ነው። ይህ በስምንቱ ስላይዶች ውስጥ ቢገባ ሌላ አራት ስላይድ ይጠይቃል፤ ጨርሶ ቢዘለል ደግሞ አንባቢዋ 22 በመቶ ቀንሳ «አልከሰርኩም» ብላ ኪራይዋን መክፈል ያቅታታል። ስለዚህ ነው በመጨረሻው ስላይድ ላይ «ኪራይና ደመወዝ ገና አልተቀነሱም» የሚለው መስመር የገባው። ያ መስመር በትንሽ ፊደል በግርጌ የሚደበቅ መሆን የለበትም፤ ከውጤቱ ቀጥሎ፣ በዚያው መጠን ይጻፋል።

ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ሱቅም የራሱ ማስጠንቀቂያ ያስፈልገዋል። ቫት በኢትዮጵያ 15 በመቶ ነው፤ 1,300 ብር ቫትን የሚጨምር ዋጋ ከሆነ ለባለሱቁ የሚደርሰው 1,130 ብር ግድም ነው። ስሌቱም መሠራት ያለበት በዚህ ቁጥር ነው፤ ያን ጊዜ የቅናሹ ጣሪያ ከ23 ወደ 11 በመቶ ይወርዳል። ይህ የሚመለከተው ከአንባቢዎቹ የተወሰኑትን ስለሆነ ከስላይዱ ይልቅ በማብራሪያው መጀመሪያ ላይ፣ ሰው «ተጨማሪ አንብብ» የሚለውን ሳይነካ በሚያየው ቦታ ይቀመጣል። ማየት ለተሳናቸውና ስልካቸው ጮክ ብሎ ለሚያነብላቸው ሰዎችም በምስል ላይ ያለ ጽሑፍ ብቻውን አይደርስም። ኢንስታግራም ለእያንዳንዱ ምስል አማራጭ ጽሑፍ የሚሞላበት ቦታ ስላለው የስላይዱን ቃል እዚያ መገልበጥ ይገባል።

በመጨረሻም ቁጥሮቹን ሌላ ሰው በካልኩሌተር ያጣራቸዋል። ኢንስታግራም ላይ ፖስቱ ከወጣ በኋላ የሥሩን ማብራሪያ ማረም ይቻላል፤ በምስሉ ላይ የተጻፈውን ግን እንዲሁ መለወጥ አይቻልም። በስድስተኛው ስላይድ ላይ 23 ተብሎ የሚጻፈው 32 ሆኖ ቢወጣ፣ ፖስቱ ተነሥቶ እንደገና መለጠፍ አለበት፤ እስከዚያ ያስቀመጡትና ለጓደኛ የላኩት ሰዎች በተሳሳተው ቁጥር ያሰላሉ። የሚለጠፍበትም ቀን ይታሰብበታል። ለፋሲካ ቅናሽ የሚያስቡ ነጋዴዎች ዋጋቸውን የሚወስኑት ማስታወቂያው በር ላይ ከመለጠፉ በፊት ስለሆነ፣ ይህ ፖስት በበዓሉ ዋዜማ ከመውጣት ይልቅ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ቢወጣ፣ ባለሱቋ ስምንተኛውን ስላይድ አስቀምጣ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ ለማስላት ጊዜ ታገኛለች።